አንድ መስመር ኮድ በከቨር ሌተር ውስጥ፦ ከአዳማ ለጀማሪ ዴቨሎፐርነት ለምታመለክቱ

አዳማ ተመርቀው አዲስ አበባ ላሉ የሶፍትዌር ድርጅቶች የሚያመለክቱ ልጆችን ከቨር ሌተር ሳይ፣ ኦፕን ሶርስ ላይ የሠሩትን ነገር ብዙ ጊዜ የማገኘው ከደብዳቤው ግርጌ ነው። «በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ላይ ንቁ ተሳትፎ አደርጋለሁ» ትላለች አንዷ ዐረፍተ ነገር፣ እዚያው ታበቃለች። ከላይ ያለው ሦስት አንቀጽ ደግሞ ታታሪነትን፣ በቡድን መሥራትን፣ ጫና መቋቋምን ይዘረዝራል። የትኛው ይረጋገጣል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከሁሉም ሊረጋገጥ የሚችለው ያ የተቀበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራው ትንሽ መሆኑ ችግር የለውም፤ አጻጻፉን ካወቃችሁበት አንድ መስመር ኮድ ደብዳቤውን ሙሉ ይሸከማል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አመልካቿ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስና ምህንድስና የተመረቀች ናት እንበል። የምታመለክተው ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ሶፍትዌር ለሚሠራ ድርጅት ነው፤ ቦታው ጀማሪ የጃቫስክሪፕት ዴቨሎፐር። የሥራ ልምድ የላትም። ያላት አንድ ፑል ሪኩዌስት ነው፤ እሱም በእኛ የዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ትክክል መሆን አለመሆኑን በሚፈትሽ ላይብረሪ ውስጥ ያረመችው ስህተት። የተለወጠው ይህን ያህል ነው፦

```js
// ከመታረሙ በፊት
const pagumeDays = year % 4 === 0 ? 6 : 5;
// ከታረመ በኋላ
const pagumeDays = year % 4 === 3 ? 6 : 5;
```

የስህተቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው የፈረንጆቹን ደንብ ይዞ፣ ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ጳጉሜን ስድስት አደረጋት። በእኛ ግን ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ዘመነ ሉቃስ ደግሞ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። ስለዚህ ላይብረሪው ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን «የሌለ ቀን» ብሎ ይመልስ ነበር፤ ያቺ ቀን ግን ነበረች፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ውላለች። በተቃራኒው በዘመነ ዮሐንስ በ2016 ያልነበረችውን ጳጉሜ 6 ይቀበል ነበር።

አሁን ይህ ሥራ ደብዳቤ ውስጥ እንዴት ይገባል? በተለምዶ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

«ለታወቀ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከትኩ ሲሆን በዚህም የኮድ ጥራትን በማሻሻል ረገድ ጉልህ ልምድ አካብቻለሁ።»

ይህን የሚያነብ ቴክኒካል ሰው ምንም አያገኝበትም። ምን ተበላሽቶ ነበር? ምን ተለወጠ? ማን ተቀበለው? ይባስ ብሎ «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ሊንኩን ከፍቶ አንድ መስመር ሲያይ አመልካቿን ያስገምታል። ልኩ ከፊት ከተነገረ ግን አንድ መስመር መሆኑ ማንንም አያስቀይምም። እኔ የምመክረው አንቀጽ ይህ ነው፦

«የኢትዮጵያ ቀናትን በሚፈትሽ አንድ የጃቫስክሪፕት ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ውስጥ ስህተት አርሜያለሁ። ላይብረሪው ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን የሌለ ቀን ነው ብሎ ይመልስ ነበር፤ ስድስተኛዋን ቀን የሚሰጠው ለ4 ያለ ቀሪ ለሚካፈል ዓመት ስለነበር ነው። ለውጡ አንድ መስመር ኮድና አንድ ቴስት ነው። በሪቪው ወቅት የ2016ን ጳጉሜ 6 እንደማይቀበል የሚያሳይ ፍተሻም እንድጨምር ተጠይቄ ጨምሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ገብቷል።» ከሥሩም ሊንኩ ይቀመጣል።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ክብደት ያለው አራተኛው ዐረፍተ ነገር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ድርጅቱ ጀማሪ ሲቀጥር በዋናነት የሚፈራው ኮድ አለመቻሉን አይደለም፤ እሱን በፈተና ያየዋል። የሚፈራው አስተያየት ሲሰጠው የሚያኮርፍ ወይም ሳይገባው «እሺ» የሚል ልጅ ነው። በፑል ሪኩዌስት ገጽ ላይ ያለው ምልልስ ይህን በቀጥታ ያሳያል። ስለዚህ በሪቪው የተጠየቃችሁትን ነገር አትደብቁት። ብዙዎች «አስተካክይ ተብዬ ነበር» ማለት ድክመት ይመስላቸውና ይተዉታል፤ የደብዳቤውን ምርጥ ክፍል ነው የሚጥሉት።

ግን ለምን እንደተጠየቃችሁም ማወቅ አለባችሁ። በዚህ ምሳሌ ቴስቱ መጨረሻ ላይ የያዘው መልክ ይህ ነው፦

```js
test("pagume 6", () => {
  expect(isValid(2015, 13, 6)).toBe(true);
  expect(isValid(2016, 13, 6)).toBe(false);
});
```

መጀመሪያ የነበረው የ2015 መስመር ብቻ ነው። እሱ ብቻውን ሲሆን፣ ነገ አንድ ሰው ጳጉሜን በየዓመቱ 6 ቢያደርጋት ቴስቱ ያልፋል፤ ስህተቱን አይዝም። ሁለተኛው መስመር ያንን በር ይዘጋል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ሁለተኛውን ጨመርሽ?» ሲባል መልሱ ይህ ነው። «ስለጠየቁኝ» የሚለው መልስ እውነት ነው፣ ግን ማንንም አያስቀጥርም።

ደብዳቤው ከመላኩ በፊት የጻፋችሁት ነገር በእርግጥ የሚታይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ችግሩ በብዛት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የፑል ሪኩዌስቱን ሁኔታ እዩ። ጊትሃብ ላይ `Merged` የሚል ሐምራዊ ምልክት ካለ «ገብቷል» ማለት ትችላላችሁ። `Open` ከሆነ «ልኬያለሁ፣ ሪቪው እየጠበቀ ነው» በሉ፤ ይህም ቢሆን ይጻፋል፣ ነውር የለውም። `Closed` ከሆነ ምክንያቱን አንብቡ። ሌላ ሰው ቀድሞ ስላረመው ከተዘጋ በአንድ ሐረግ መግለጽ ይቻላል። ኃላፊዎቹ ስላልፈለጉት ከተዘጋ ግን ሌላ ሥራ ፈልጉ። በእናንተ ስም የገባውን ሁሉ ለማየት የጊትሃብ መፈለጊያ ላይ ይህን ጻፉ፣ በ`USERNAME` ቦታ የራሳችሁን ስም አስገብታችሁ፦

```
is:pr is:merged author:USERNAME
```

ቀጥሎ ኢሜይል ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ለጊት የሰጣችሁት ኢሜይልና የጊትሃብ አካውንታችሁ ኢሜይል ከተለያየ፣ ኮሚቱ ከፕሮፋይላችሁ ጋር አይያያዝም፤ ስማችሁ ያለ ሊንክ፣ ያለ ፎቶ ይቀመጣል። በዩኒቨርሲቲ ላብ ወይም በጓደኛ ኮምፒውተር የሠራችሁ ከሆነ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ሊይዝ ይችላል። በ`HASH` ቦታ የኮሚቱን መለያ ቁጥር አስገብታችሁ እንዲህ ይታያል፦

```
git log -1 --format='%an <%ae>' HASH
```

የሚወጣው ኢሜይል የእናንተው ከሆነና ጊትሃብ ካላወቀው፣ በአካውንታችሁ ማስተካከያ ውስጥ `Emails` የሚለው ገጽ ላይ ጨምራችሁ አረጋግጡት፤ የቆዩ ኮሚቶችም ይያያዛሉ። ያ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ከምረቃ በኋላ ከተዘጋባችሁ ግን ማረጋገጫው ስለማይደርሳችሁ ይህ መንገድ አይሠራም። ያኔ የሚያድናችሁ ሊንኩን ወደ ኮሚቱ ሳይሆን ወደ ፑል ሪኩዌስቱ ማድረግ ነው፤ ፑል ሪኩዌስቱ የተከፈተው በአካውንታችሁ ስለሆነ ስማችሁ እዚያ አለ። እንዲያውም ኢሜይሉ ችግር ባይኖርበትም ሊንኩ ወደ ፑል ሪኩዌስቱ ቢሆን ይሻላል፣ ምልልሱ የሚታየው እዚያ ነውና። ወደ ፕሮፋይል ገጽ የሚወስድ ሊንክ ግን አንባቢውን ከአርባ የክፍል ፕሮጀክቶች መሀል ፈልግ ብሎ መላክ ነው፤ አይፈልግም።

ሦስተኛው ነገር «ተጠቃሚዎች ጋ ደርሷል» የሚለው አባባል ነው። መግባትና በአዲስ ቨርሽን መውጣት ይለያያሉ። ኮዱ ዋናው ብራንች ላይ ገብቶ ለወራት ሳይለቀቅ ሊቆይ ይችላል። የወጣ መሆኑን ለማየት፣ በ`upstream` ስም የዋናውን ሪፖ አድራሻ ካያያዛችሁ በኋላ፦

```
git fetch upstream --tags
git tag --contains HASH
```

የሚወጣ የቨርሽን ቁጥር ካለ፣ በደብዳቤው ላይ «ከዚህ ቨርሽን ጀምሮ ይገኛል» ማለት ትችላላችሁ፤ ጥሩ መስመር ናት። ምንም ካልወጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው በእርግጥም አልተለቀቀም። ሁለተኛው የያዛችሁት የተሳሳተ ኮሚት ነው፦ ኃላፊዎቹ ሲያስገቡ ኮሚቶቻችሁን ጨፍልቀው አንድ አድርገዋቸው ከሆነ አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በእናንተ ብራንች ላይ ያለው የድሮው ቁጥር ዋናው ሪፖ ውስጥ የለም። ትክክለኛውን ቁጥር ከፑል ሪኩዌስቱ ገጽ ግርጌ፣ መግባቱን ከሚናገረው መስመር ውሰዱ።

የማይጠቅም አስተዋጽኦም አለ፣ በግልጽ ልናገረው። የሪድሚ ፋይል ላይ አንድ ፊደል አርሞ ወይም ስሙን ጨምሮ የተላከ ፑል ሪኩዌስት ከቨር ሌተር ላይ መውጣት የለበትም። በ2020 የፈረንጆቹ ኦክቶበር ላይ በሃክቶበርፌስት ለሚሰጠው ቲሸርት ሲባል ፕሮጀክቶች በእንዲህ ዓይነት ፑል ሪኩዌስቶች ተጥለቅልቀው ስለነበር አዘጋጆቹ በዚያው ወር ደንቡን ቀይረው ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲቆጠሩ አድርገዋል። ነገሩን የሚያስታውስ ቀጣሪ የሪድሚ ለውጥ ሲያይ ወዲያው ይጠረጥራል። የሰነድ ሥራ ግን ሌላ ነው። አንድ የመጫኛ መመሪያ በትክክል እንደማይሠራ ሞክራችሁ ደርሳችሁበት ካስተካከላችሁት፣ እንደ ኮድ እርማት እኩል ይቆጠራል፤ «በዚህ ሲስተም ላይ ይህ ትዕዛዝ ይህን ስህተት ይሰጥ ነበር» ብላችሁ መጻፍ እስከቻላችሁ ድረስ።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ከአስተዋጽኦው አንቀጽ ቀጥሎ ከድርጅቱ ሥራ ጋር የሚያያይዝ አንድ አጭር አንቀጽ ያስፈልጋል፣ አብዛኛው ደብዳቤ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ወይ ድርጅቱን ማሞገስ ይጀመራል፣ ወይ ያላዩትን ኮድ «ማሻሻል እችላለሁ» ይባላል። በምሳሌያችን ድርጅቱ የብድር ሶፍትዌር ነው የሚሠራው፤ ብድር ደግሞ የመክፈያ ቀን አለው። ስለዚህ እንዲህ ይበቃል፦

«የብድር መክፈያ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚመዘገብበት ሲስተም ውስጥ የዓመት መጨረሻ ቀናት በተለይ መፈተሽ እንዳለባቸው ከዚህ ሥራ ተምሬያለሁ። ቀጣዩ ዘመነ ሉቃስ 2019 ነው። በእናንተ ምርት ላይ ቴስት በመጻፍ ሥራ ብጀምር ደስ ይለኛል።»

ስለ ድርጅቱ ኮድ ምንም አልተባለም፣ ግን አንባቢው ወደ ራሱ ሲስተም ዞር ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። አመልካቿ የምትፈልገውም ጀማሪ የሚሰጠውን ዓይነት ሥራ ነው። የምታመለክቱበት ድርጅት ከቀን ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ከሆነ በግድ አታገናኙ፤ ያኔ የምትወስዱት ስህተቱን የማግኘት መንገዱን ነው፣ ማለትም የተሳሳተውን ግብአት አግኝቶ፣ መስመሩን ለይቶ፣ ቴስት ጽፎ ማረም።

ሙሉው ደብዳቤ አራት አንቀጽ ነው፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የመጀመሪያው ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፦ የትኛው ቦታ፣ ማስታወቂያውን የት እንዳያችሁትና የት እንደተመረቃችሁ። ሁለተኛው አስተዋጽኦው፣ ሦስተኛው ግንኙነቱ። አራተኛው ተግባራዊ ጉዳዮች ናቸው፤ ከአዳማ ለሚያመለክት ይህ ተራ ነገር አይደለም። ቀጣሪው «ይህች ልጅ አዳማ ናት፣ ትመጣለች?» ብሎ ሳይጠይቅ ያልፋችኋል። ስለዚህ ቀድማችሁ መልሱለት፦ «የምኖረው አዳማ ነው። ለቃለ መጠይቅ በማንኛውም የሥራ ቀን አዲስ አበባ መምጣት እችላለሁ፤ ከተቀጠርኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ ሥራ እጀምራለሁ።» በየቀኑ በፈጣን መንገዱ ተመላልሼ እሠራለሁ የሚል ሐሳብ ካላችሁ ግን የትራንስፖርቱን ወጪ ከመነሻ ደመወዝ ጋር አስልታችሁ ነው መጻፍ ያለባችሁ፤ ቀጣሪውም ያሰላዋል።

የመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ልማዳችንን በተመለከተ፣ «ጉዳዩ፦» የሚለውን መስመር ጠብቁት፤ ለአንባቢው ይመቻል። «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» የሚለውን ግን ተዉት። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ የአስተዋጽኦውን አንቀጽ ግን መጀመሪያ በአማርኛ አውጡት። በአማርኛ ምን ተበላሽቶ እንደነበር መናገር ካቃታችሁ ችግሩ የቋንቋ አይደለም፣ ስህተቱ ገና አልገባችሁም።

በአማርኛ ከላካችሁት ደግሞ ፊደሉን ተጠንቀቁ። በ`Power Geez` የድሮ ፊደል የተጻፈ የዎርድ ፋይል ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደሎች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። እንደ `Nyala` ወይም `Noto Sans Ethiopic` ባለ የዩኒኮድ ፊደል ጻፉና ፒዲኤፍ አድርጉት። ከዚያ ከፒዲኤፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ፤ አማርኛው እንዳለ ከወጣ ደህና ነው። ሊንኩን ከቃል ሥር አትደብቁት፣ አድራሻው ሙሉውን ይታይ። ብዙ ቦታ ደብዳቤውን የሰው ኃይል ክፍል አትሞ ነው ለቴክኒክ ኃላፊው የሚያስተላልፈው፤ ወረቀት ላይ የተደበቀ ሊንክ አይጫንም።

ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ከዚያች አንድ መስመር ተነስተው ብዙ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። «ለምን 3? ለምን 0 አይደለም?» የማይቀር ጥያቄ ነው። መልሱ የእኛ ተጨማሪ ቀን የምትመጣው በዓመቱ መጨረሻ፣ ከፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ቀድማ መሆኑ ነው፤ የ2015 ጳጉሜ 6 ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 በፊት ነው የዋለችው። «2100 ላይስ ምን ይሆናል?» ካሏችሁ፣ የፈረንጆቹ ደንብ በዚያ ዓመት ተጨማሪዋን ቀን ይዘላል፣ የእኛው አይዘልም፤ ስለዚህ ያረማችሁት መስመር አይነካም፣ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን በአንድ ቀን ይሰፋል። ቀን የሚቀይረው የላይብረሪው ክፍል ይህን በትክክል ይይዘው እንደሆነ ካልሞከራችሁት «እኔ የነካሁት መፈተሻውን ብቻ ነው» በሉ።

ደብዳቤውን ስትልኩ `Open` የነበረ ፑል ሪኩዌስት በኋላ ከገባ አዲስ ማመልከቻ አትላኩ። በዚያው በላካችሁት ኢሜይል ላይ መልስ ብላችሁ «በደብዳቤዬ የጠቀስኩት ለውጥ ዛሬ ገብቷል» የሚል አንድ መስመርና ሊንኩን ጨምሩ፤ ፋይላችሁ እንደገና ይከፈታል።